አደሩ፣ ዋሉ፣ አመሹ፦ ሰላምታ ከሰዓት ጋር ሲለዋወጥ ጨዋታው በምን ይከፈታል?

ከቱሉ ዲምቱ ወይም ከኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ወርዶ መንገዱን የሚሻገር ሰው ጥቂት እንደሄደ የገበሬ አጥር፣ የጭድ ክምርና የታሰረች ላም ያገኛል። ከመሀል ከተማ ወጥቶ እዚያ የገባ ሰው ብዙ ጊዜ የሚቸገረው በሰላምታ ነው። ቃሉን ያውቀዋል። «እንዴት አደርሽ» ብሎ ያደገ ነው። ቸኩሎ ይልና ቸኩሎ ወደ ጉዳዩ ይገባል፤ ከዚያ ለምን ፊት እንደተነሳው ግራ ይገባዋል። እዚህ የምናብራራው ሰላምታው ከቀኑ ሰዓት ጋር እንዴት እንደሚለዋወጥና የመጀመሪያው ቃል ቀጥሎ የሚመጣውን ወሬ እንዴት እንደሚወስን ነው።

ነገሩን የሚያቀለው አንድ ነጥብ አለ። በአማርኛ ሰላምታ የምንጠይቀው ከተለያየን ወዲህ ያለፈውን ጊዜ ነው። «እንደምን አደሩ» ያለፈውን ሌሊት፣ «እንደምን ዋሉ» ያለፈውን ቀን፣ «እንደምን አመሹ» ከፀሐይ መግቢያ ወዲህ ያለውን ጊዜ ይጠይቃል። ስንብት ደግሞ ያንኑ ግስ ይዞ ወደፊት ያያል፦ ደህና ዋሉ፣ ደህና አምሹ፣ ደህና እደሩ። ይህ ከገባን «ስንት ሰዓት ላይ የትኛውን ልበል?» የሚለው ጥያቄ ግማሹ ይመለሳል። ሰዓቱን ከማየት በፊት «ይህን ሰው ለመጨረሻ ጊዜ ያየሁት መቼ ነው?» ብሎ ማሰብ ይቀድማል።

ድንበሮቹ

ጠዋት ቀላል ነው። ሰው ከተነሳበት ጀምሮ እስከ 4 ሰዓት ድረስ «አደርክ፣ አደርሽ፣ አደሩ፣ አደራችሁ» ማንንም አያስኮርፍም። ከ6 ሰዓት በኋላ «ዋልክ» ይገባል። አዲስ አበባና ዙሪያዋ ላይ ፀሐይ ክረምት ከበጋ ከ12 እስከ 12 ሰዓት ከ50 ባለው ጊዜ ውስጥ ትወጣለች፣ በዚያው መጠን ማታ ትጠልቃለች። ስለዚህ «አመሸህ» የሚገባበት ሰዓት ዓመቱን ሙሉ ብዙም አይዋልልም፦ ምሽት 12 ሰዓት አልፎ ዓይን ለዓይን መለየት ሲያስቸግር ነው። ፀሐይ ገና ሳትጠልቅ፣ 11 ሰዓት ተኩል ላይ «እንዴት አመሸህ» የሚል ሰው ቸኩሏል፤ «ዋልክ» ይበቃው ነበር።

አስቸጋሪው ከ4 እስከ 6 ሰዓት ያለው ጊዜ ነው። ሌሊቱ ርቋል፣ ቀኑ ግን ገና አልዋለም። እዚህ ላይ ሦስት መንገድ አለ። ሰውየውን በዚያ ቀን ገና ካላየኸው «እንዴት አደርክ» እስከ 6 ሰዓት ድረስ ያስኬዳል፤ በመካከላችሁ ያለፈው ሌሊቱ ነውና። «እንዴት አረፈድክ» የሚሉም ብዙ ናቸው፤ ለዚሁ ሰዓት የተበጀ ነው። ከዚህ ጋር ግን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ይኸው ግስ መዘግየትንም ስለሚገልጽ፣ 4 ሰዓት ላይ እየተጣደፈ ወደ ሥራ ለገባ ሠራተኛ አለቃው «እንዴት አረፈድክ?» ቢለው ሠራተኛው ሰላምታ ነው ብሎ አያምንም። ሦስተኛው መንገድ ሰዓት የማይነካ ሰላምታ ነው፦ «ጤና ይስጥልኝ»፣ «ሰላም ነው?»፣ «እንዴት ነህ?» እነዚህ ቀኑን ሙሉ ይሠራሉ። የማታውቀውን ሰው ለማነጋገር «ጤና ይስጥልኝ» ከሁሉ ይሻላል። በየቀኑ የምታየውን ጎረቤት ግን ሁልጊዜ በ«ጤና ይስጥልኝ» ብታልፈው እንግዳ እንደሆንክ ትቀራለህ።

ሙስሊሞች በሚበዙበት ሰፈር «አሰላሙ ዓለይኩም» ከሁሉ ይቀድማል፤ እሱም ሰዓት አይለይም። የሰዓቱ ሰላምታ ከምላሹ በኋላ ይከተላል። በበዓል ጠዋትም እንዲሁ ነው፤ «እንኳን አደረሰዎ» ቀድሞ «እንኳን አብሮ አደረሰን» ከተባለ በኋላ ነው «አደሩ» የሚመጣው፤ ጭራሽ ባይመጣም ማንም ልብ አይለውም። ቄስ ሲያገኙ ደግሞ ከቃል በፊት መስቀል መሳለም ይቀድማል።

የከተማው ዳር አማርኛ ብቻውን የሚሰማበት አይደለም። በአጥሩ ወዲያ ያለው ቤተሰብ ኦሮምኛ ተናጋሪ ሊሆን ይችላል፤ በሰላምታ በኩል ግን አስተሳሰቡ አንድ ነው። ጠዋት «አከም ቡልቴ» ሌሊቱን፣ ከቀትር በኋላ «አከም ኦልቴ» ቀኑን ይጠይቃል፤ ምላሹ «ነጋ» ነው፣ ሰላም ማለት። ለትልቅ ሰው «ቡልተን»፣ «ኦልተን» ይባላል። አማርኛ ተናጋሪ ይህን አንድ ቃል በሰዓቱ ብሎ ቀሪውን በአማርኛ ቢቀጥል ያምርበታል። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ «አከም ኦልቴ» ማለት ግን ገና ሲነጋ «እንዴት ዋልክ» እንደማለት ነው፤ ይሳቅብሃል፣ በክፉ ባይሆንም።

ረጅም ጊዜ ሲያልፍ

ሰዎች ከተለያዩ ቀናት ካለፉ የዕለቱ ሰዓት ዋጋ ያጣል። አራት አምስት ቀን ያላየኸውን ሰው ጠዋት ብታገኘውም «እንደምን ሰነበቱ» ነው የሚባለው። ወራት ካለፉ «እንደምን ከረሙ» ይመጣል። ቃሉ ከክረምት ጋር የተያያዘ ስለሆነ በዕድሜ የገፉ ሰዎች በጋውን ተለያይተው ሲገናኙ «እንዴት ባጀህ» ሲሉ ይሰማል፤ ከተማ ውስጥ ግን «ከረምክ» ለሁለቱም ያገለግላል። ሦስት ወር ጠፍቶ የመጣ ሰው ለአንድ ሽማግሌ «እንዴት አደሩ» ብሎ ብቻ ቢያልፍ፣ መጥፋቱን ራሱ እንዳላስተዋለ ያህል ነው። «ምነው፣ ጠፋህሳ?» የሚል ወቀሳ ይከተላል። «ሰነበቱ» ወይም «ከረሙ» ብሎ የጀመረ ግን መጥፋቱን አምኖ ገብቷልና ወቀሳው ይለዝባል።

በአንድ ቀን ሁለቴ መገናኘትም የራሱ ሥርዓት አለው። ጠዋት «አደርክ» የተባባሉ ሰዎች 9 ሰዓት ላይ ሲገናኙ «ዋልክ» ይባባላሉ፤ የጠዋቱ የከሰዓቱን አይሸፍንም። በግማሽ ሰዓት ውስጥ ዳግመኛ ከተገጣጠሙ ግን ሙሉ ሰላምታ መድገም ያስቃል። አንገት ሰበር ማድረግ ወይም «ደግሞ ተገናኘን» ማለት በቂ ነው።

የተጠየቀው ጊዜ ወሬውን ይከፍታል

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንምጣ። ሰላምታው ስለ አንድ ጊዜ ስለሚጠይቅ፣ ቀጥሎ የሚመጣው የመጀመሪያ ወሬ ብዙውን ጊዜ ከዚያው ጊዜ ይወጣል። «እንዴት አደራችሁ» ሲባል ሌሊቱ ይነሳል፦ ብርዱ፣ ዝናቡ፣ ሲጮኽ ያደረ ውሻ፣ የጠፋው መብራት፣ ሳል ሲያስቸግረው ያደረ ልጅ። «እንዴት ዋላችሁ» ሲባል ቀኑ ይነሳል፦ ሥራው፣ ፀሐዩ፣ ታክሲ የጠፋበት መንገድ፣ ገበያው። «እንዴት አመሻችሁ» ከሆነ ወሬው ወደ ቤት ይጠጋል፦ ማን ገባ፣ ማን ቀረ፣ ልጆቹ በልተው ተኙ ወይ። «እንዴት ከረማችሁ» ደግሞ ከሁሉ ሰፊውን በር ይከፍታል፤ እህሉ፣ ለቅሶው፣ ሠርጉ፣ የተወለደው፣ የተዳረው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይመጣል። «ከረሙ» ብሎ ጀምሮ በሁለት ደቂቃ «እንግዲህ ልሂድ» ማለት አይቻልም። ጊዜ የሌለው ሰው ይህን አስቀድሞ ቢያውቅ ይጠቅመዋል።

ሌላው መታወቅ ያለበት የምላሹ አካሄድ ነው። የመጀመሪያው ምላሽ ሁልጊዜ «ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ነው፤ ለሙስሊሙ «አልሐምዱሊላህ»። ቤቱ በችግር ቢሞላም መጀመሪያ የሚባለው ይህ ነው። ይህን ሰምቶ «እንግዲያው ሁሉ ሰላም ነው» ብሎ ወደ ጉዳይ መግባት የተለመደው ስህተት ነው። እውነተኛው ወሬ የሚወጣው በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዙር ነው፤ «ልጆቹስ?» «ቤት እንዴት ነው?» ተብሎ ሲደገም «ደህና ናቸው፣ ትንሿን ሰሞኑን አሟት ነበር እንጂ» የሚል ነገር ይመጣል። ይህችን «እንጂ» ወይም «ብቻ» የምትል ጭራ ማዳመጥ ነው ዋናው። እሷን ዘሎ ማለፍ ሰላምታውን ጨርሶ ካለመስጠት ይብሳል፤ ጠይቆ ያልሰማ ሰው ነውና። ከሌላ አገር ሰላምታ ጋር እያነጻጸሩ የእኛን መደጋገም ጊዜ ማባከን ነው የሚሉ አሉ፤ በእኛ አስተያየት ግን መደጋገሙ ችግርን ሳያሳፍር የሚያስወጣ መንገድ ነው።

አንድ ጉብኝት፣ በሁለት ሰዓት

ይህን በአንድ ጉዳይ እንየው። ከኮንዶሚኒየም የምትኖር አንዲት ወጣት እናት ከመንገዱ ማዶ ላሞች ካላቸው እናት ጋር በቀን 1 ሊትር ወተት ለመዋዋል ፈልጋለች እንበል፤ ክፍያው በወር። ሴትየዋን በዓይን ታውቃቸዋለች፣ ቤታቸው ግን ገብታ አታውቅም።

ወተት የሚታለበው በጠዋት ስለሆነ በጠዋት መሄድ ይሻላል ብላ አሰበች እንበል። 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የቆርቆሮውን በር አንኳኳች። ከውስጥ የሚመጣው ድምፅ «ማነው? በደህና ነው?» የሚል ነው። ይህ የድንጋጤ ጥያቄ ነው። በእኛ ባህል የሞት መርዶ የሚነገረው ገና በጠዋት ነው፤ ጎረቤትና ዘመድ ተሰባስቦ ሰው ከቤቱ ሳይወጣ በር ያንኳኳል። ሲነጋጋ የተንኳኳ በር ወይም ሌሊት 11 ሰዓት ላይ የጮኸ ስልክ ልብ የሚያርደው ለዚህ ነው። ስለዚህ በዚህ ሰዓት የሄደ ሰው ከ«እንደምን አደሩ» በፊት «ደህና ነው፣ ደህና ነው እማማ፣ አይደንግጡ» ማለት አለበት። ሰላምታው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ይህን ሳትል «እንደምን አደሩ» ብላ ብትጀምር፣ ሴትየዋ ምላሽ እየሰጡም ቢሆን ዓይናቸው ፊቷ ላይ ይሆናል፤ መርዶ ሊነግር የመጣ ሰውም በሰላምታ ይጀምራልና። ድንጋጤው ካለፈ በኋላም ጊዜው አይመችም። ጥጃው ታስሯል፣ ላሟ ትጠብቃለች፣ የጠዋት ደንበኞች ጀሪካን ይዘው ደጅ ላይ ናቸው። ሰላምታው ወደ ሁለተኛው ዙር ሳይደርስ ይቋረጥና «ሌላ ቀን ነይ ልጄ» ትባላለች።

አሁን በከሰዓቱ እንየው። የጠዋቱ እልቢያ አልቋል፣ የማታው አልደረሰም፤ ከ8 እስከ 10 ሰዓት ያለው ጊዜ ለእንዲህ ያለ ጉዳይ ይመቻል። 9 ሰዓት ላይ በሩ ገርበብ ብሏል። እንግዳ አይገባም፣ ደጅ ቆሞ ይጣራል፦

«ቤቶች!»

«ማነው? ግቡ!»

«እንደምን ዋሉ እማማ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። እንደምን ዋልሽ ልጄ?»

«ደህና፣ እግዚአብሔር ይመስገን። ደህና ነዎት? ቤተሰቡስ ሁሉ ደህና ነው?»

«ደህና ነን፣ ምን እንሆናለን፣ ይሄ ፀሐይ ነው እንጂ። አንቺስ ቤት? ልጆችሽ ደህና ናቸው?»

«ሁሉም ሰላም ነው፣ ይመስገነው። ከብቶቹስ እንዴት ናቸው?»

«ደህና ናቸው። ጭድ ተወዶ አስቸገረን እንጂ። ያቺ ቡሬዋ ላም ደግሞ ሰሞኑን ወተቷን ቀንሳለች።»

እዚህ ላይ ማቆም ያስፈልጋል። ወጣቷ ገና ጉዳይዋን አላነሳችም፤ ነገር ግን ሁለት ጠቃሚ ነገር አግኝታለች። መኖ ተወዷል፣ ስለዚህ ዋጋው ካለፈው ከፍ ሊል ይችላል። አንዷ ላም ቀንሳለች፣ ስለዚህ 1 ሊትር በየቀኑ ላይገኝ ይችላል። ይህን የነገሯት «ዋሉ» ብላ ቀኑን ስለጠየቀችና በሦስተኛው ዙር ከብቶቹን ስላነሳች ነው። በመጀመሪያው ቃል «ወተት ይሸጣሉ?» ብላ ቢሆን ምላሹ «የለም» የሚል አጭር ቃል ይሆን ነበር፤ ያ «የለም» ደግሞ ከተነገረ በኋላ ለሁለቱም መመለሱ ያሳፍራል።

አካሄዱን እንቀጥል። ስለ ላሟ የተነገረውን ዝም ብሎ ማለፍ ነውር ነው። «ውይ፣ አሟት ይሆን? ሐኪም አይቷታል?» ይባላል፤ ሁለት ሦስት ቃል ይበቃል። ከዚያ ትንሽ ዝምታ ይመጣል። ይህ ዝምታ አያስፈራም፤ ሰላምታው ማለቁን የሚያሳይ ነው። የቤቱ ሰው ይሰብረዋል፦ «እሺ ልጄ፣ ታዲያስ? በደህና ነው አመጣጥሽ?» በዚህ ሰዓት ላይ «በደህና ነው?» ድንጋጤ የለበትም፤ «ጉዳይሽን ተናገሪ» ማለት ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ከሩብ ላይ የተባለው ያው ቃል ሌላ ነገር ማለቱ ነበር። አሁን ነው እንዲህ የሚባለው፦ «በደህና ነው እማማ። ለልጆቼ ወተት ፈልጌ ነበር፣ ቢሆንልኝ በቀን አንድ ሊትር፤ ላሟን እስኪሻላት ግማሽም ቢሆን ይበቃኛል።» የመጨረሻዋ ሐረግ ከሰላምታው የተገኘች ናት፤ ሴትየዋ መሰማታቸውን የሚያውቁት በእሷ ነው።

ቡና ተፈልቶ ከሆነ ነገሩ ይረዝማል። «ቡና ጠጪ» ተብሎ ጉዳይን ቆሞ መናገር አይሆንም፤ ቢያንስ አቦሉ ይጠጣ። ከአቦል በኋላ ጉዳይ ማንሳት ይቻላል፣ እስከ በረካ መቆየት ደግሞ የቅርብ ጎረቤት ያደርጋል። ጊዜ ከሌለ ገና ሲገቡ «ቸኩዬ ነው፣ ቆሜ ልሂድ» ብሎ ማሳወቅ ይሻላል፤ ስኒ ተይዞ ከተባለ ግን ቅር ያሰኛል።

ማን ይጀምራል፣ በምን አጠራር?

የሚመጣው ሰው ለተቀመጠው፣ የሚገባው በቤት ላለው፣ ታናሹ ለታላቁ ቀድሞ ሰላም ይላል። ሦስቱ ሲጋጩ መምጣቱ ያሸንፋል፤ ሽማግሌም ቢሆኑ ወጣቶች ወደተቀመጡበት ሲመጡ እሳቸው ናቸው «እንደምን ዋላችሁ» የሚሉት። ወጣቶቹ ደግሞ ከመመለሳቸው በፊት ከመቀመጫቸው ብድግ ማለት ይጠበቅባቸዋል፤ ባለወጉ ሰው «ኖር» ይላል፣ እሳቸውም «በእግዚአብሔር» ብለው ያስቀምጣሉ። እጅ ሲጨበጥ የግራ እጅን የቀኙ ክንድ ላይ ደገፍ ማድረግና ጎንበስ ማለት ለትልቅ ሰው ነው።

በአጠራር በኩል ስህተት የሚበዛው «አደሩ» እና «አደራችሁ» ላይ ነው። «አደሩ» ለአንድ የሚከበር ሰው ነው፣ «እርስዎ» ብትለውም «አንቱ» ብትለውም ግሱ አይለወጥም። «አደራችሁ» ለብዙ ሰው ነው፤ በመካከላቸው ሽማግሌ ቢኖርም የሚባለው ይኸው ነው። ለአንድ አባት «እንዴት አደራችሁ» ማለት ግን መላ ቤተሰቡን ካልጠየቅክ በስተቀር ግር ያሰኛል። በከተማ ልጅ አፍ «ጋሼ፣ እንዴት አደርክ?» የተለመደ ነው፤ «ጋሼ» የሚለው አክብሮቱን ይሸከምለታል። በከተማው ዳር ላለ ሽማግሌ ግን ያ አይበቃም፤ «አባባ፣ እንደምን አደሩ» ነው የሚባለው። ሲጠራጠሩ ወደ «አደሩ» ማዘንበል ይሻላል። ተጠሪው ራሱ «አንተ በለኝ» ይልሃል።

ሰላምታው ጭራሽ የሚለወጥባቸው ቤቶችም አሉ። ለቅሶ ቤት «እንዴት አደራችሁ?» ተብሎ አይገባም፤ ምን ዓይነት ሌሊት እንዳለፈ ይታወቃል። ዝም ብሎ ገብቶ መቀመጥ፣ ሲወጡ «እግዚአብሔር ያጥናችሁ» ማለት ነው። ሕመምተኛ ባለበት ቤት ደግሞ በተቃራኒው ሰላምታው ቃል በቃል ጥያቄ ይሆናል። «እንዴት አደረ?» ሲባል የሚጠበቀው እውነተኛ ምላሽ ነው፦ እንቅልፍ ወሰደው ወይ፣ ትኩሳቱ በረደ ወይ። የሌሊት ጥበቃም እንዲሁ ነው። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ የግቢው ዘበኛ «እንዴት አደሩ ጋሼ?» ሲባሉ «ሰላም ነው፣ በደህና አድረናል» ይላሉ፤ ሌሊቱን ማስረከባቸው ነው። «እንዴት አደሩ» ሳይላቸው ቁልፍ ብቻ የጠየቀ ነዋሪ ሥራቸውን እንዳልቆጠረ ያውቁበታል።

ስንብትና ስልክ

ስንብቱ የሚመረጠው ቀጥሎ መቼ እንደምንገናኝ በማሰብ ነው። ምሽት 1 ሰዓት ላይ የሚለያዩ ሰዎች በዚያው ሌሊት ተመልሰው የሚገናኙ ከሆነ «ደህና አምሹ» ይባባላሉ፤ እስከ ነገ ካልተገናኙ «ደህና እደሩ»። ለሳምንት የሚሄድ ሰው በጠዋትም ቢሆን «ደህና ሰንብቱ» ይባላል። «ደህና እደሩ» ብሎ የወጣ ሰው ጥቂት ቆይቶ ተመልሶ ቢመጣ «የረሳሁት ነገር አለ» ብሎ ነው የሚገባው፤ አዲስ ሰላምታ አይጀምርም።

አንድ ግራ የሚያጋባ ነገር አለ። «ደህና ዋሉ» ሰላምታም ስንብትም ይሆናል፤ ልዩነቱ ድምፁ ላይ ነው፣ ሲጠይቅ መጨረሻው ከፍ ይላል። «አደሩ» እና «እደሩ»፣ «አመሹ» እና «አምሹ» ግን በፊደልም ይለያያሉ። በጽሑፍ «ደህና ዋሉ» ብሎ መልእክት የጀመረ ሰው እየተሰናበተ ሊመስል ይችላል፤ ስለዚህ ሰላም ለማለት «እንደምን ዋሉ»፣ ለአንድ ትልቅ ሰው ስንብት «ደህና ይዋሉ» ቢጻፍ መደናገሩ ይቀራል።

በስልክ ላይ ሰዓቱ የሚለካው በሚቀበለው ሰው ነው። አዲስ አበባ ማታ 3 ሰዓት ሲሆን ዋሽንግተን ላይ ቀን 7 ወይም 8 ሰዓት ነው፤ እንደ ወቅቱ ይለያያል። ከዚያ የሚደውል ልጅ ለእናቱ «እንደምን አመሹ» ይላል፣ እናትም መልሰው «እናንተ ጋ ገና ቀን ነው አይደል? እንዴት ዋልክ?» ይላሉ። ሪያድ ላለ ዘመድ ይህ ሐሳብ አያስፈልግም፤ ሰዓቱ ከእኛ ጋር አንድ ነው። ለጽሑፍ መልእክት ግን ሌላ ጣጣ አለ። ማታ 3 ሰዓት የተላከ «እንዴት አመሸህ» በማግስቱ 2 ሰዓት ላይ ሊነበብ ይችላል። መቼ እንደሚነበብ ካልታወቀ «ሰላም ነህ?» ወይም «ጤና ይስጥልኝ» ብሎ ጉዳዩን በዚያው መልእክት መጨመር ይመረጣል፤ ሰላምታ ብቻ ልኮ ምላሽ መጠበቅ ተቀባዩን «በደህና ነው?» እንዲል ያደርገዋል።